አክሲዮን እንዴት ይወጣል? የትርፍ ሪፖርት ሲመጣስ ዋጋው ለምን ይዘላል?

ምሳሌ ባስፈለገ ቁጥር የምንመለሰው ወደ አንድ ኩባንያ ነው፦ በ2012 ወደ ገበያ ወደወጣው ፌስቡክ፣ የዛሬው ሜታ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

አክሲዮን ስገዛ በትክክል የገዛሁት ምንድን ነው?

የኩባንያውን ቁራጭ ነው። ኩባንያው 10 ሚሊዮን አክሲዮን ካለውና እናንተ 1,000 ከያዛችሁ፣ ከአሥር ሺህ አንድ እጁ የእናንተ ነው ማለት ነው። ቢሮው ሄዳችሁ ወንበር አንስታችሁ መውጣት ግን አትችሉም። መብታችሁ ሌላ ነው፦ ትርፍ ሲከፋፈል ድርሻችሁን ትወስዳላችሁ፣ ጉባኤ ላይ ድምፅ ትሰጣላችሁ፣ ኩባንያው ቢፈርስ ደግሞ ዕዳው ተከፍሎ ከተረፈው ትካፈላላችሁ።

«ከተረፈው» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ሠራተኛው ደመወዙን፣ አበዳሪው ወለዱን፣ መንግሥት ግብሩን ከወሰዱ በኋላ የሚቀረው ነው የባለአክሲዮኑ። ከመስመሩ መጨረሻ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ምን ያህል እንደሚደርሰው አጥብቆ መጠየቁ አይቀርም። የትርፍ ሪፖርት በመጣ ቁጥር ያ ሁሉ ግርግር የሚነሳው ለዚህ ነው።

ኩባንያ ገንዘብ ባጠረው ቁጥር አክሲዮን ማተም ይችላል?

እንደፈለገው አይችልም። በብዙ አገር ሕግ ኩባንያው ሊያወጣ የሚችለው የአክሲዮን ብዛት መመሥረቻ ሰነዱ ላይ ጣሪያ ተቀምጦለታል፤ ያን ለማለፍ የባለአክሲዮኖች ድምፅ ያስፈልጋል። ከጣሪያው በታችም ቢሆን የዳይሬክተሮች ቦርዱ መወሰን አለበት። ስለዚህ ሁለት ቁጥሮችን አታምታቱ። አንዱ ሊወጣ የተፈቀደው ነው፤ ሌላው በእርግጥ ወጥቶ በሰው እጅ ያለው ነው። ድርሻችሁ የሚሰላው በሁለተኛው ነው።

ለሕዝብ መሸጥ ሲመጣ ነገሩ ይጠብቃል። ኩባንያው ኢንቨስትመንት ባንኮች ይቀጥራል፣ ሒሳቡን ያስመረምራል፣ ከዚያም ወፍራም የሽያጭ መግለጫ ሰነድ ለተቆጣጣሪው አካል ያስገባል። አሜሪካ ውስጥ ሰነዱ ኤስ-1 ይባላል። ፌስቡክ የራሱን ያስገባው በየካቲት 1 ቀን 2012 ሲሆን አክሲዮኑ መገበያየት የጀመረው ግንቦት 18 ነው። በመሐል ተቆጣጣሪው እየጠየቀ፣ ኩባንያው እያረመ ሦስት ወር ተኩል አለፈ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተቆጣጣሪው ሰነዱን ሲያጸድቅ «አክሲዮኑ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ተገቢ ነው» ማለቱ አይደለም። የሚያየው መነገር ያለበት ነገር ተነግሯል ወይ የሚለውን ነው። ሰነዱ ውስጥ «ስጋቶች» የሚለውን ክፍል ያነበበ ሰው ኩባንያው ራሱን እንዴት እንደሚፈራ ያያል። አሰልቺ ነው፤ ግን ከማስታወቂያው ይልቅ እውነቱ ያለው እዚያ ነው።

የመጀመሪያውን የመሸጫ ዋጋ ማን ነው የሚወስነው?

ኩባንያውና ባንኮቹ ተስማምተው ነው፤ ግን ከሰማይ አያወርዱትም። መጀመሪያ የዋጋ ክልል ያሳውቃሉ። ከዚያ የኩባንያው ኃላፊዎች በየከተማው እየዞሩ ለትልልቅ ገዢዎች ኩባንያቸውን ያስረዳሉ። ገዢዎቹ «በዚህ ዋጋ ይህን ያህል እንወስዳለን» ይላሉ፤ ባንኩም ይመዘግባል። መዝገቡ ሲሞላ ዋጋው ይወጣል፣ ሲሳሳ ይወርዳል።

ፌስቡክ መጀመሪያ ያሳወቀው ከ28 እስከ 35 ዶላር ነበር። ፍላጎቱ ሲጎርፍ ወደ 34 እና 38 ከፍ አደረጉት። የሚሸጠውንም ብዛት ጨመሩ። በመጨረሻ የክልሉ ጣሪያ ላይ፣ 38 ዶላር ላይ ቆረጡት። በመጀመሪያው ቀን ገበያው የተዘጋው በ38.23 ነበር። ይህ 23 ሳንቲም ብቻውን የሚናገረው አለ፦ ሻጩ አንዲት ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አልተወም። ከሻጩ አንፃር ጎበዝ፤ ገዢው ግን ትርፍ የሚቃርምበት ክፍተት አላገኘም።

ዋጋው 38 ላይ ተጣብቆ የዋለውም በአጋጣሚ አልነበረም። ባንኮች ብዙውን ጊዜ ከተመደበው እስከ 15 በመቶ አስበልጠው የመሸጥ ፈቃድ አላቸው። ዋጋው ከወጣ ተጨማሪውን ከኩባንያው በመሸጫው ዋጋ ይወስዳሉ። ከወረደ ደግሞ ጉድለታቸውን ለመሙላት ከገበያው ይገዛሉ፤ ግዢያቸውም ዋጋውን ከታች ይደግፈዋል። ይህ አሠራር «ግሪን ሹ» ይባላል፤ መጀመሪያ ከተጠቀመበት የጫማ ፋብሪካ ስም የመጣ ነው። ድጋፉ ግን ለዘለዓለም አይደለም። ፌስቡክ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ከ38 በታች ወረደ።

ሕዝቡ የከፈለው ገንዘብ በሙሉ ለኩባንያው ይገባል?

ላይገባ ይችላል። ሻጩን ለዩ። አንዳንዱ አክሲዮን ኩባንያው አዲስ ያወጣው ነው፤ ገንዘቡም ወደ ኩባንያው ካዝና ይገባል። ሌላው ግን ቀድመው የነበሩ ባለቤቶች የራሳቸውን ሲሸጡ ነው፤ ገንዘቡ ወደ ኪሳቸው ይሄዳል። በፌስቡክ ሽያጭ ከቀረቡት ወደ 421 ሚሊዮን አክሲዮኖች ኩባንያው ራሱ የሸጠው 180 ሚሊዮኑን ነው። ቀሪውን 241 ሚሊዮን የሸጡት መሥራቹና ቀደምት ባለሀብቶች ናቸው። «16 ቢሊዮን ዶላር ተሰበሰበ» ሲባል ኩባንያው ያገኘው ከግማሽ በታች፣ ወደ 6.8 ቢሊዮን ገደማ ነበር።

ሰነዱ ውስጥ «ገንዘቡ ለምን ይውላል» እና «የሚሸጡ ባለአክሲዮኖች» የሚሉ ክፍሎች አሉ። እኔ ሌላውን ከማንበቤ በፊት እነሱን አያለሁ። የውስጥ ሰው ሲሸጥ ሁልጊዜ መጥፎ ምልክት ነው ማለት አይደለም፤ ስምንት ዓመት የጠበቀ ሰው ቤት መግዛት ሊፈልግ ይችላል። ግን ማን እየወጣ ማን እየገባ እንደሆነ ማወቅ ነፃ ነው።

ከሽያጩ በኋላ ዋጋው ቢወጣ ቢወርድ ኩባንያውን ምን አገባው?

በቀጥታ ምንም አያገባውም። እናንተ ዛሬ የምትገዙት ከሌላ ባለአክሲዮን ነው፤ ከፋዩም ተቀባዩም ሁለታችሁ ናችሁ። በተዘዋዋሪ ግን ብዙ ያገባዋል። ነገ አዲስ አክሲዮን ልሽጥ ቢል የሚሸጠው በዛሬው ዋጋ ነው። ሌላ ኩባንያ በአክሲዮን ከፍሎ ልግዛ ቢልም እንዲሁ። የሠራተኞቹም ክፍያ በከፊል በአክሲዮን ከሆነ፣ ዋጋው ሲወድቅ ደመወዛቸው ተቆረጠ ማለት ነው።

አዲስ አክሲዮን ሲወጣ የእኔ ድርሻ ይቀንሳል? ከሰርኩ ማለት ነው?

ድርሻችሁ ይቀንሳል። መክሰራችሁ ግን የሚወሰነው በተሸጠበት ዋጋ ነው። በቁጥር እንየው። ኩባንያው 10 ሚሊዮን አክሲዮን አለው፣ አንዱ 50 ዶላር ነው፤ በጠቅላላው 500 ሚሊዮን ያወጣል። 2 ሚሊዮን አዲስ አክሲዮን በ50 ዶላር ሸጠ እንበል። 100 ሚሊዮን ገባ። አሁን የኩባንያው ዋጋ 600 ሚሊዮን፣ አክሲዮኑ 12 ሚሊዮን ሆነ። ስታካፍሉት ያው 50 ነው። ያነሰችው የኬክ ቁራጭ ከትልቅ ኬክ ተቆረጠች ማለት ነው።

አዲሱ በ35 ዶላር ቢሸጥስ? የሚገባው 70 ሚሊዮን ብቻ ነው። 570 ሚሊዮን ለ12 ሚሊዮን ሲካፈል 47.50 ይሆናል። ነባሩ ባለአክሲዮን በእያንዳንዷ አክሲዮን 2.50 አጣ፤ ያጣውም ወደ አዲሱ ገዢ ሄደ። ብዙ ኩባንያዎች በቅናሽ ሲሸጡ ለነባሮቹ ቅድሚያ የመግዛት መብት የሚሰጡት ለዚህ ነው፤ እንደ ድርሻችሁ ከገዛችሁ ከአንድ ኪሳችሁ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ወደ ትርፍ ሪፖርቱ ያሻግረናል። ይህ ኩባንያ በዓመት 30 ሚሊዮን ያተርፍ ከነበረ፣ ለአንድ አክሲዮን 3 ዶላር ይደርስ ነበር። 12 ሚሊዮን አክሲዮን ሲሆን ያው ትርፍ 2.50 ብቻ ይሆናል። ወደ 3 ለመመለስ ትርፉ 36 ሚሊዮን መድረስ አለበት። የገባው 100 ሚሊዮን በዓመት ቢያንስ 6 ሚሊዮን ካላመጣ፣ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ቀነሰ ማለት ነው።

የሩብ ዓመት ሪፖርት ውስጥ ገበያው የሚያየው ምኑን ነው?

ሦስት ነገር፦ ገቢውን፣ ለአንድ አክሲዮን የደረሰውን ትርፍ፣ እና ኩባንያው ስለሚቀጥለው ጊዜ የሰጠውን ትንበያ። አንባቢ ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ነው። ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ነው። ያለፈው ሩብ አልፏል፤ አክሲዮን የሚገዛ ሰው የሚገዛው የወደፊቱን ነው።

ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ሪፖርታቸውን የሚያወጡት ገበያው ከተዘጋ በኋላ ወይም ጠዋት ከመከፈቱ በፊት ነው። ሰው አንብቦ እንዲያስብበት ነው የሚባለው። በተግባር ግን ከሰዓት ውጭ ያለው ገበያ ሰከንድ ሳይቆይ መጨፈር ይጀምራል።

ገቢው አደገ፣ ትርፉም ቢሊዮኖች ነው። ታዲያ ዋጋው ለምን ወደቀ?

በጣም የሚጠየቀው ይሄ ነው። መልሱ፦ ገበያው ሪፖርቱን የሚያወዳድረው ከአምናው ጋር ሳይሆን ከጠበቀው ጋር ነው። የአምናውን ሁሉም ያውቀዋል። የሚጠበቀው ዕድገትም ትናንት በተከፈለው ዋጋ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ዋጋውን ሊነካ የሚችለው ትናንት ያልታወቀው ብቻ ነው።

የካቲት 2 ቀን 2022 ሜታ ሪፖርት አወጣ። የሩብ ዓመቱ ገቢ 33.67 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ከአምናው ተመሳሳይ ሩብ በ20 በመቶ ይበልጣል። ትርፉም ከ10 ቢሊዮን በላይ ነው፣ ምንም እንኳ ከአምናው ዝቅ ቢልም። ይህን ዜና ለማያውቅ ሰው ብትነግሩት «ታድለው» ይላል። ግን ሦስት ነገር አብሮ መጣ። ለሚቀጥለው ሩብ ከ27 እስከ 29 ቢሊዮን ገቢ ብቻ ተነበየ፤ ተንታኞች 30 ገደማ ነበር የጠበቁት። በየቀኑ የሚጠቀመው ሰው ቁጥር ከዚያ በፊት ከነበረው ሩብ ጥቂት ቀነሰ፤ ይህ ደግሞ ታይቶ የማይታወቅ ነበር። በመጨረሻም አፕል ስልኮቹ ላይ ያደረገው የግላዊነት ለውጥ በዓመቱ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያሳጣው የፋይናንስ ኃላፊው ተናገረ። በማግሥቱ አክሲዮኑ ከ323 ወደ 237.76 ዶላር ወረደ። ከ26 በመቶ በላይ፣ በአንድ ቀን።

ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። በሚያዝያ 2022 ያወጣው ሪፖርት የገቢ ዕድገቱ 7 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳየ። ወደ ገበያ ከወጣ ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ ዝቅተኛው ነበር። አክሲዮኑ በማግሥቱ ከ17 በመቶ በላይ ወጣ! ለምን? ሰው ከዚህ የባሰ ፈርቶ ነበር። የቀን ተጠቃሚው ቁጥር ተመልሶ ማደጉ ሲታይ ሁሉም ትንፋሹን ለቀቀ። በየካቲት 20 በመቶ አድጎ ወደቀ፤ በሚያዝያ 7 በመቶ አድጎ ዘለለ።

ትንበያው ትንሽ ዝቅ ቢል ዋጋው ለምን ሩቡን ያህል ይወድቃል? አልበዛም?

ሊበዛ ይችላል፣ ገበያም ሰው ነው። ግን ከድንጋጤ ውጭ የሒሳብ ምክንያት አለው። የአክሲዮን ዋጋ ወደፊት በየዓመቱ የሚመጣው ገንዘብ ሁሉ ወደ ዛሬ ተመንዝሮ ሲደመር ነው። በቀላሉ ለማየት፣ በሚቀጥለው ዓመት ለአንድ አክሲዮን 4 ዶላር የሚያከፋፍል ኩባንያ ውሰዱ። ክፍያው በየዓመቱ 5 በመቶ ያድጋል፤ ባለሀብቱ ደግሞ ከገንዘቡ በዓመት 9 በመቶ ይፈልጋል። ዋጋው 4ን ለልዩነቱ፣ ማለትም ለ4 በመቶ ማካፈል ነው፦

```
4 / (0.09 - 0.05) = 100
4 / (0.09 - 0.04) = 80
```

ሁለተኛው መስመር ላይ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዕድገት ተስፋው ከ5 ወደ 4 በመቶ ወረደ። የሚቀጥለው ዓመት 4 ዶላር ሳይነካ ዋጋው በ20 በመቶ ወደቀ። ዕድገቱ ከፍ ብሎ ሲገመት በዚህ ስሌት ዋጋው ለትንሽ ለውጥም ይበልጥ ይናወጣል። በፍጥነት ያድጋሉ የተባሉ ኩባንያዎች በሪፖርት ቀን እንደ ብርጭቆ የሚሰበሩት፣ የመብራት ኃይል ዓይነት ዝግተኛ ኩባንያዎች ግን እምብዛም የማይነቃነቁት በዚህ ምክንያት ነው። ቀመሩ ዕድገቱ ለዘለዓለም አንድ ዓይነት እንደሆነ ስለሚቆጥር እውነተኛ ኩባንያ ለመተመን አይበቃም። አቅጣጫውን ለማየት ግን ይበቃል።

ሜታ በዚያ ቀን ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ «አጣ» ተባለ። ገንዘቡ የት ሄደ?

የትም አልሄደም፣ ቀድሞም ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። ያ ቁጥር የሚገኘው የመጨረሻው የተሸጠበት ዋጋ በጠቅላላው አክሲዮን ብዛት ሲባዛ ነው። በዚያን ቀን እጅ የለወጠው ከጠቅላላው ጥቂቱ ቢሆንም፣ የዚያ ጥቂት ዋጋ በሁሉም ላይ ይለጠፋል። ጎረቤት ቤቱን በርካሽ ሲሸጥ የእናንተም ቤት ዋጋ እንደሚወርደው ማለት ነው። እናንተ ግን አልሸጣችሁም።

ዋጋው ሲወድቅ ውስጡ ምን እንደሚመስል በቅርቡ እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል ናቸው። ከሪፖርቱ በፊት ስክሪኑ ላይ «በ322.90 እገዛለሁ»፣ «በ323 እሸጣለሁ» የሚሉ ትዕዛዞች ተደርድረዋል። ሪፖርቱ ሲወጣ የመጀመሪያው ነገር ሽያጭ አይደለም። ገዢዎቹ ትዕዛዛቸውን ይሰርዛሉ። በአንድ አፍታ ከ322.90 በታች ያለው መደርደሪያ ባዶ ይሆናል። አሁን መውጣት የፈለገው ሻጭ ዞር ሲል ቀጣዩ ገዢ 300 ላይ ነው። እሱም ጥቂት ገዝቶ አለቀ። ቀጥሎ 280። በጣም ብዙ ሰው ሳይሸጥ ዋጋው ደረጃውን ዘሎ የሚወርደው እንዲህ ነው። «ከ300 በታች ከወረደ ሽጥልኝ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ትዕዛዝ በ240 የሚሸጥባችሁም በዚህ ምክንያት ነው፤ በመሐል ገዢ አልነበረም።

ሪፖርቱ እንደወጣ ዋጋው ዘለለ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ተገልብጦ ወደቀ። ምንድን ነው?

መጀመሪያ የሚያነቡት ኮምፒውተሮች ናቸው። የገቢውንና የትርፉን ቁጥር ከግምቱ ጋር አወዳድረው በሰከንድ ስባሪ ይገዛሉ ወይም ይሸጣሉ። ትንበያው ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቆይቶ፣ ኃላፊዎቹ ከተንታኞች ጋር በሚያደርጉት የስልክ ስብሰባ ላይ ነው። ኃላፊው «በሚቀጥለው ዓመት ወጪያችን በጣም ይጨምራል» ሲል የቀደመው ደስታ ይተናል። ከዚህ ላይ ደግሞ ከሰዓት ውጭ የሚገበያየው ሰው ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ትዕዛዝ እንኳ ዋጋውን ይገፋዋል። እኔ የስልክ ስብሰባው ሳያልቅ የሚታየውን ዋጋ ከቁም ነገር አልቆጥረውም።

ኩባንያዎች ሁሉ «ግምቱን አልፈናል» ይላሉ። እየተሸወድን ነው?

በከፊል፣ አዎ። የተንታኞች ግምት አማካዩ ነው ለውድድር የሚቀርበው። ተንታኞቹ ደግሞ ግምታቸውን የሚያስተካክሉት ኩባንያው የሰጠውን ትንበያ እያዩ ነው። ኩባንያው መሰናክሉን ዝቅ አድርጎ ካስቀመጠው መዝለሉ አይከብደውም። ገበያው ይህን ያውቃል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ካለው ግምት ሌላ፣ ሰዎች በሹክሹክታ የሚጠብቁት ከፍ ያለ ቁጥር አለ። «ግምቱን አለፈ፣ ዋጋው ወደቀ» የሚል ዜና ስታዩ ብዙ ጊዜ የተሸነፈው በዚያ ባልተጻፈው ቁጥር ነው።

ሌላው ዘዴ ከአክሲዮን ብዛት ጋር ይያያዛል። ኩባንያው 100 ሚሊዮን አተረፈ፣ 50 ሚሊዮን አክሲዮን አለው፤ ለአንዱ 2 ዶላር ደረሰ። በዓመቱ ከገበያው 2.5 ሚሊዮን አክሲዮን መልሶ ገዝቶ ሰረዘ። ትርፉ ያው 100 ሚሊዮን ነው፤ ለአንድ አክሲዮን ግን 2.11 ገደማ ሆነ። «5 በመቶ አደግን» ይላል ርዕሱ። ማጭበርበር አይደለም፣ ለቀረው ባለአክሲዮን በእርግጥ ድርሻው ጨምሯል። ግን ኩባንያው አንድም ተጨማሪ ዕቃ አልሸጠም። ለመለየት ጠቅላላ ትርፉንና የአክሲዮን ብዛቱን ለየብቻ ከአምናው ጋር አስተያዩ። ከሥራው የገባው ጥሬ ገንዘብም አብሮ ማደጉን እዩ፤ ትርፍ እየጨመረ ጥሬ ገንዘቡ ከቀነሰ ደንበኞች አልከፈሉም ይሆናል፣ ወይም ዕቃው መጋዘን ውስጥ ተከምሯል።

የውስጥ ሰዎች እንዳይሸጡ የተከለከሉበት ጊዜ ሲያልቅ ዋጋው ይወድቃል?

ይወድቃል ተብሎ ይጠበቃል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ቀደምት ባለሀብቶችና ሠራተኞች ከመጀመሪያው ሽያጭ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ፣ በተለምዶ 180 ቀን፣ ላለመሸጥ ይፈርማሉ። ፌስቡክ ጊዜውን ከፋፍሎት ነበር። ነሐሴ 16 ቀን 2012 ወደ 271 ሚሊዮን አክሲዮን ሲለቀቅ ዋጋው 6 በመቶ ያህል ወርዶ ከ20 ዶላር በታች ሆነ። ኅዳር 14 ደግሞ ወደ 800 ሚሊዮን ተለቀቀ። ሁሉም ጎርፍ ጠበቀ። አክሲዮኑ በዚያ ቀን 12 በመቶ ወጣ። ቀኑ ከወራት በፊት ይታወቅ ስለነበር የሚፈራ ሰው ቀድሞ ሸጦ ጨርሷል፤ የተፈራው ጎርፍ ሲቀር ገዢው ተመለሰ። ያው የትርፍ ሪፖርቱ ሕግ ነው፦ የታወቀ ነገር ዋጋው ውስጥ ገብቷል።

ታዲያ ጥሩ ሪፖርት እንደሚመጣ ከገመትኩ ቀድሜ ልግዛ?

መገመት ያለባችሁ ሪፖርቱን ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሰው ምን እንደገመተም ጭምር ነው። ሁለተኛው ይከብዳል። ሬይ ቦል እና ፊሊፕ ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከዓመታዊ የትርፍ ሪፖርት የሚገኘው መረጃ አብዛኛው ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ወራት ዋጋው ውስጥ ይገባል። እነዚሁ ሰዎች ሌላም ነገር አዩ፦ ሪፖርቱ ከወጣ በኋላም ዋጋው ለጥቂት ጊዜ በዚያው አቅጣጫ መሳቡን ይቀጥላል። ሁሉም ነገር በአንድ ሰከንድ አያልቅም ማለት ነው። ሆኖም ያ መሳብ በብዙ አክሲዮኖች አማካይ ላይ የታየ እንጂ፣ እናንተ በያዛችሁት በአንዱ ላይ ቃል የተገባ አይደለም።

የፌስቡክ የራሱ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ነው። እንደ ሕዝባዊ ኩባንያ የመጀመሪያውን ሪፖርት በሐምሌ 2012 ሲያወጣ ገቢው በ32 በመቶ አድጎ ነበር፤ በማግሥቱ ከ11 በመቶ በላይ ወደቀ። ሰው የፈራው ተጠቃሚው ወደ ስልክ እየሄደ ማስታወቂያው ኮምፒውተር ላይ መቅረቱን ነበር። ልክ ከዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2013፣ ከማስታወቂያ ገቢው 41 በመቶው ከስልክ መሆኑን አሳወቀ። በአንድ ቀን ወደ 30 በመቶ ገደማ ዘለለ። ያም ሆኖ በዚያ ቀን የተዘጋው በ34.36 ዶላር ነው፤ በመጀመሪያው ሽያጭ 38 የከፈለ ሰው ገና አልመለሰም ነበር። ከ38 በላይ ተዘግቶ ያየው በነሐሴ መጀመሪያ ነው።